«አሁን ሲኤምሲና አያትም እናደርሳለን»

«በደስታ እንገልጻለን! አሁን በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት ማድረስ ጀምረናል። ዴሊቨሪ ከ80 ብር ጀምሮ። ከ3፡00 – 2፡00። ይደውሉልን!»

በአዲስ አበባ ቴሌግራምና ኢንስታግራም ላይ ምግብ፣ ኬክ ወይም የቤት አስቤዛ የሚያደርሱ ድርጅቶችን የሚከታተል ሰው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ደጋግሞ ያያል። ከላይ የበርገር ወይም የቶርታ ፎቶ አለ፣ ከሥሩ ካፕሽኑ ይከተላል። የጻፈው ሰው ሁሉንም የተናገረ ይመስለዋል፦ ሰፈሩ ተጠርቷል፣ ዋጋው ተጠቅሷል፣ ሰዓቱም አለ። መሪ ሎቄ የሚኖረው ደንበኛ ግን አንብቦ ሲጨርስ ሦስት ነገሮችን አላወቀም። የእሱ ቤት ከተጠሩት ሰፈሮች ውስጥ ይቆጠራል? እሱ ስንት ይከፍላል? ከሥራ ወጥቶ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ቢያዝዝ ይደርስለታል? ስለዚህ ይደውላል። ከእሱ ጋር ሌሎችም ይደውላሉ፣ ስልኩ ይያዛል፣ በዚያው ሰዓት የምር ሊያዝዝ የደወለው ሰው መስመር አጥቶ ሌላ ቤት ይሄዳል።

ፈለገ ፀጋዬ በ2015 እ.ኤ.አ. «ዴሊቨር አዲስ»ን ሲመሠርት ከሬስቶራንት በኢንተርኔት አዝዞ ቤት ማስመጣት ለከተማዋ አዲስ ነገር ነበር። ዛሬ መተግበሪያ ካላቸው ትልልቆቹ ጎን ለጎን፣ አንድ ኩሽናና ሁለት ሞተረኛ ይዘው በቴሌግራም ቻናል ብቻ የሚሠሩ ብዙ ትንንሽ ቤቶች አሉ። መተግበሪያው ያለው ድርጅት ደንበኛው ያለበትን ቦታ ካርታው ላይ አይቶ ዋጋውን ራሱ ያሰላል። ትንሹ ቤት ይህን የሚያደርግለት ሥርዓት የለውም። የሰፈሩን ወሰን፣ ታሪፉንና ሰዓቱን የሚነግርለት ያ ከፎቶ ሥር የሚለጠፈው አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት መስመር የሆነው ነገር ብዙ ሥራ የሚሸከመው ለዚህ ነው፣ ከመጻፉ በፊትም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ቁጭ ማለትን ይጠይቃል።

መጀመሪያ የሰፈሩ ነገር። በአዲስ አበባ የሰፈር ስም እንጂ የሰፈር አጥር የለም። «አያት» ሲባል አንዱ አደባባዩን ያስባል፣ ሌላው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያሉትን ዞኖች፣ ሦስተኛው ደግሞ አያት ጨፌን። «ሰሚት» ኮንዶሚኒየሙም ነው፣ ፔፕሲ ፋብሪካው አካባቢም ነው፣ ሳፋሪ ትምህርት ቤት አጠገብም ነው። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ይዞ ቤት የሚያገኝ ሰው ጥቂት በሆነበት ከተማ ሁሉም አቅጣጫ የሚሰጠው ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ባንክ ወይም ማደያ ጠርቶ ነው። ካፕሽን የሚጽፈውም ሰው እንዲሁ ቢያደርግ ይቀናዋል። የሰፈር ስም ብቻውን አይበቃም፤ «ከየት እስከ የት» መባል አለበት።

በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል ለዚህ የሚሆን ዝግጁ ምልክት አለ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅ–ምዕራብ ቀላል ባቡር ከመገናኛ ተነሥቶ ጉርድ ሾላን፣ ማኔጅመንት ኢንስቲትዩትን፣ ሲቪል ሰርቪስን፣ ቅዱስ ሚካኤልን፣ ሲኤምሲንና መሪን አልፎ አያት ይደርሳል። የሰፈሩ ነዋሪ እነዚህን ጣቢያዎች በቅደም ተከተል ያውቃቸዋል። መገናኛ አካባቢ ኩሽና ያለው ድርጅት «ከመገናኛ እስከ ሚካኤል» ብሎ አንድ ቀጣና፣ «ከሲኤምሲ እስከ አያት አደባባይ» ብሎ ሁለተኛ ቀጣና ቢያወጣ፣ መሪ ያለው ሰው ሳይደውል ራሱን ያገኛል። ከሀዲዱ ግራና ቀኝ ምን ያህል እንደሚገባም መጨመር ያሻል። «ከዋናው አስፋልት እስከ 1 ኪሎ ሜትር» የሚል ሐረግ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል፤ ምክንያቱም ሞተረኛውን የሚያደክመው ዋናው መንገድ ሳይሆን ከኮብልስቶኑ በኋላ ያለው፣ ክረምት ላይ ጭቃ የሚሆነው ውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው።

ሰሚት ከዚህ ሀዲድ ውጪ ነው፣ ስለዚህ ለብቻው መጻፍ አለበት። ከመገናኛ ለሚነሣ ሞተረኛ ወደ ሰሚት በሲኤምሲ በኩል በፊጋ ዞሮ መሄድም ሆነ በገርጂና በጃክሮስ በኩል መሄድ ይቻላል፣ የሰዓቱ መጨናነቅ መንገዱን ያስመርጠዋል። «ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ አያት» ብሎ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ መጥራት በካርታ ላይ ጎረቤት ያስመስላቸዋል። ለሞተረኛው ግን አያትና ሰሚት ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ናቸው፣ የአንዱን ትዕዛዝ ከሌላው ጋር አዳብሎ መውሰድ ሁልጊዜ አያዋጣውም።

ከዚያ ዋጋው ይመጣል። ብዙ ጀማሪዎች ተፎካካሪያቸው ያወጣውን ታሪፍ አይተው አሥር ብር ቀንሰው ይጽፋሉ፤ ከወር በኋላ ደግሞ ኪሳራው ከየት እንደመጣ ግራ ይገባቸዋል። ሒሳቡ ግን ከባድ አይደለም። መገናኛ ያለ አንድ ኩሽና እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እስከ አያት አደባባይ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ደርሶ መልስ 16 ኪሎ ሜትር ነው። ሞተሯ በአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ከሆነ ጉዞው 0.4 ሊትር ይፈጃል። ሊትሩን 130 ብር ብንይዝ የነዳጁ ወጪ 52 ብር ሆነ። ለዘይት፣ ለጎማና ለጥገና በጉዞ 18 ብር፣ ለሞተረኛው ደግሞ በየደጃፉ 80 ብር ቢታሰብ ድምሩ 150 ብር ይመጣል። ይህ ገና ትርፍ የሌለበት ዋጋ ነው።

አሁን ሁለት የአያት ትዕዛዞች አንድ ላይ ሄዱ እንበል። ነዳጁና ጥገናው 70 ብር ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 35 ብር ይደርሰዋል፤ የሞተረኛው 80 ብር ሲጨመርበት ወጪው 115 ብር ላይ ይወርዳል። የትርፍና የኪሳራው መለያ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለሩቁ ሰፈር የሚወጡ ትዕዛዞችን በአንድ ጉዞ መሰብሰብ የቻለ ቤት 150 ብር አስከፍሎ ያተርፋል፣ አንድ በአንድ የሚያመላልስ ቤት በዚያው 150 ብር ምንም አይተርፈውም። ብልህ የሆኑ ድርጅቶች ለሩቅ ሰፈር «በየሰዓቱ» ከማለት ይልቅ የተወሰነ የመውጫ ሰዓት ያወጣሉ፦ ለምሳ አንድ ጊዜ፣ ለእራት ሁለት ጊዜ። ደንበኛው ይህን ቀድሞ ካወቀ ይጠብቃል። ሳያውቅ አንድ ሰዓት ከጠበቀ ግን ዘገያችሁ ብሎ ይናደዳል፣ መናደዱም ተገቢ ነው።

ሞተረኛ መጨመርም እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአዲስ አበባ አስተዳደር ያለ ፈቃድ በከተማዋ ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ከከለከለ ወዲህ፣ ሥራው ሲበዛ የጎረቤት ልጅ ሞተር ተውሶ ማሰማራት አይቻልም። አዲስ ሰፈር የጨመረ ድርጅት በአብዛኛው የሚሸፍነው በነበሩት ሞተረኞች ነው። አያት የሄደው ሞተር አንድ ሰዓት ያህል ስለማይመለስ፣ ቀድሞ በሃያ ደቂቃ ያገኙ የነበሩት የመገናኛ ደንበኞችም መጠበቅ ይጀምራሉ። ከማስፋፊያው ማስታወቂያ በኋላ የቆዩ ደንበኞች «ድሮ ትፈጥኑ ነበር» ማለት ሲጀምሩ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ወደ ጽሑፉ ስንመለስ፣ «ከ80 ብር ጀምሮ» የምትለዋ ሐረግ ከሁሉ የከፋች ናት። 80 ብር የሚከፍለው ኩሽናው አጠገብ ያለው ሰው ነው፣ ማስታወቂያው የተጻፈው ግን ለአያት ሰው ነው። የአያቱ ሰው 80 አንብቦ ደውሎ 150 ሲባል ሌላው ዋጋም እንዲሁ የሚያድግ ይመስለዋል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድም ከዚህ አይሻልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሸቀጡንም የአገልግሎቱንም ዋጋ በግልጽ እንዲያሳውቅ ያዛል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ለእያንዳንዱ ቀጣና አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር መጻፍ ለሻጩ ራሱ ይበጀዋል። «ነፃ ማድረስ» የሚለውም ቢሆን በስንት ብር ትዕዛዝ ላይና ለየትኛው ቀጣና እንደሆነ ካልተጻፈ የ200 ብር በርገር አዝዞ አያት ድረስ በነፃ የሚጠብቅ ሰው ያመጣል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ ብዙ ስህተት የሚፈጠረውም በዚህ ላይ ነው። «ከ3፡00 – 2፡00» የሚለውን አዲስ አበባ ያለ ሰው ከጠዋት 3 እስከ ምሽት 2 ብሎ ያነበዋል። ስልኩን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠቀመው ግን ከቀኑ 9 ሰዓት የሚከፈት ቤት ሊመስለው ይችላል። ማስታወቂያውን የሚያነቡት ደግሞ አገር ውስጥ ያሉት ብቻ አይደሉም። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ሆኖ ሲኤምሲ ላሉ እናቱ የልደት ኬክ የሚያዝዝ ልጅ አለ። የምሽት 1፡30 የትዕዛዝ መዝጊያ ለእሱ በበጋቸው ከቀኑ 12፡30 ነው፤ እነሱ በኅዳር ገደማ ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ደግሞ ከጠዋቱ 11፡30 ይሆናል። የምሳ እረፍቱን ጠብቆ የሚያዝዝ ሰው በክረምታቸው ሁልጊዜ ይዘገያል ማለት ነው። «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ምሽት» የሚሉትን ቃላት ከቁጥሩ ፊት ማስቀመጥ፣ ከውጭ የሚያዝዝ ደንበኛ ላለው ቤት ደግሞ «በኢትዮጵያ ሰዓት» ብሎ መጨመር ግማሹን ችግር ያቃልላል።

የቀረው ግማሽ የትዕዛዝ ሰዓትና የማድረሻ ሰዓት መደባለቅ ነው። ድርጅቱ «እስከ ምሽት 3 ሰዓት እንሠራለን» ሲል ምን ማለቱ ነው? እስከ 3 ሰዓት ትዕዛዝ ይቀበላል ወይስ በ3 ሰዓት የመጨረሻዋ ሞተር ደጃፍ ትደርሳለች? ሞተረኛው የመጨረሻውን ዕቃ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ማስረከብ አለበት ካልን ሒሳቡ ወደኋላ ይቆጠራል። ኩሽናው ለማዘጋጀት 40 ደቂቃ፣ መንገዱ እስከ አያት 40 ደቂቃ ከፈጀ የአያት ሰው የመጨረሻ ትዕዛዙን 1፡40 ላይ መስጠት አለበት። ለጉርድ ሾላ ሰው መንገዱ 15 ደቂቃ ከሆነ እስከ 2፡05 ጊዜ አለው። ለጥንቃቄ ሁለቱንም ወደታች ብንሰበስባቸው 1፡30ና 2፡00 ይሆናሉ። አንድ ድርጅት ሁለት የመዝጊያ ሰዓት ሊኖረው ይችላል፣ እንዲያውም ሰፈር ሲጨምር ሊኖረው ይገባል። ለሁሉም አንድ ሰዓት የሚጽፍ ቤት ወይ የቅርቡን ደንበኛ ያለምክንያት ይመልሳል፣ ወይ ለሩቁ የቀዘቀዘ እራት ይዞ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ታስቦ ካፕሽኑ እንደገና ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«ሲኤምሲ፣ መሪ፣ አያትና ሰሚት፦ ከሰኞ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እናደርሳለን።
ከመገናኛ እስከ ሚካኤል፦ 80 ብር። ትዕዛዝ ከጠዋት 3፡00 እስከ ምሽት 2፡00።
ከሲኤምሲ እስከ አያት አደባባይ፦ 150 ብር። ትዕዛዝ ከጠዋት 3፡00 እስከ ምሽት 1፡30።
ሰሚት (ኮንዶሚኒየም፣ ፔፕሲ፣ ሳፋሪ)፦ 150 ብር። ትዕዛዝ እስከ ምሽት 1፡30።
ዋጋው ከዋናው አስፋልት እስከ 1 ኪሎ ሜትር ለሚገኝ ቤት ነው። ከዚያ ለሚርቅ ሳያዝዙ ይደውሉ።
ኮንዶሚኒየም ላይ እስከ ብሎኩ መግቢያ እናደርሳለን።
ክፍያ፦ በቴሌብር ወይም በጥሬ ገንዘብ።»

ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ቢሆንም በቴሌግራም ለፎቶ ጽሑፍ ከተፈቀደው 1024 ፊደል ግማሹን እንኳ አይነካም። «በደስታ እንገልጻለን» የሚለው መግቢያ የወጣበትም ምክንያት አለ። ኢንስታግራም ከረጅም ጽሑፍ ላይ የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን 125 ያህል ፊደላት ነው፣ የቀረውን ማየት የፈለገ መጫን አለበት። እነዚያ 125 ፊደላት በሰላምታና በእሳት ምልክቶች ካለቁ የሰፈሩ ስም ተደብቆ ይቀራል፣ የመሪው ሰውም ማስታወቂያው ለእሱ መሆኑን ሳያውቅ ወደታች ያልፈዋል። ታሪፉን ፎቶው ላይ ብቻ አሳምሮ መጻፍም ይጎዳል፤ በቴሌግራም ፍለጋ ላይ «አያት» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚያገኘው በፊደል የተጻፈውን እንጂ በሥዕል ውስጥ ያለውን አይደለም።

የብሎኩ መግቢያ ጉዳይ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም በሰሚት እንዳሉት ያሉ የ20/80 ኮንዶሚኒየሞች በአብዛኛው አራት ፎቅ ያላቸውና ሊፍት የሌላቸው ናቸው። አራተኛ ፎቅ ወጥቶ መውረድ፣ የቤቱን ቁጥር መፈለግ፣ ለመልስ ዝርዝር ብር መጠበቅ ሲደመር ሞተሯ ታች ቆማ ደቂቃው ያልቃል፤ ሞተሯም ትሰረቅ ይሆን የሚል ሥጋት አለ። በሌላ በኩል ሕፃን ይዛ ብቻዋን ያለች እናት ወይም በዕድሜ የገፉ አባት ወርደው እንዲቀበሉ መጠየቅ ተገቢ አይደለም። የተሻለው መንገድ ደንቡን በግልጽ ጽፎ፣ ለሚያስፈልገው ሰው ግን «ሲያዝዙ ይንገሩን፣ እናወጣለን» ማለት ነው። ደንቡ ተጽፎ ካልተቀመጠ ግን ክርክሩ ሁሉ በሞተረኛው ላይ ይወድቃል። ዋጋውን እሱ አላወጣም፣ ጽሑፉንም እሱ አልጻፈም፣ ስድቡን የሚሰማው ግን እሱ ነው።

ካፕሽኑ መሥራቱን ለማወቅ የላይክ ቁጥር ብዙም አይነግርም። ስልክ የሚያነሣው ሰው ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች ደብተር ላይ ቢያሰፍር መልሱን እዚያ ያገኘዋል። «ስንት ነው?» የሚሉ ከበዙ ታሪፉ አልታየም። «ፊጋ ታደርሳላችሁ?» የሚሉ ከበዙ ወሰኑ ላይ አንድ ምልክት ጎድሏል፣ ፊጋ ወይ መግባቱ ወይ መቅረቱ ይጻፍ። ከመዝጊያው ሰዓት በኋላ የሚደውሉ ከበዙ ደግሞ ሰዓቱ ከዓይን ርቋል፣ ወይም ሰፈሩ ከሥራ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚስተካከለው ጽሑፉ ሳይሆን የሞተረኛው ፈረቃ ነው።

«ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ» በማለት ፋንታ ሙሉ ቀን የተጻፈውም ያለ ምክንያት አይደለም። ማስታወቂያው ወደ ኮንዶሚኒየም ግሩፖች፣ ወደ ዕድሩ ቴሌግራም፣ ወደ መሥሪያ ቤት ቻቶች ይተላለፋል፣ ሰውም ከሦስት ሳምንት በኋላ ያነበዋል። ያኔ «የፊታችን ሰኞ» የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። ከዚህ የባሰው የዋጋ ለውጥ ነው። ነዳጅ ጨምሮ ታሪፉ ሲቀየር ባለቤቱ ቻናሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያርማል፣ በቴሌግራም ግን ቀደም ብለው ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፉት ቅጂዎች አብረው አይታረሙም። አሮጌውን 150 ብር የያዘ ደንበኛ ጽሑፉን እያሳየ ቢከራከር እውነት አለው። ስለዚህ ሰፈር የምትጨምሩ ድርጅቶች ታሪፉ የወጣበትን ቀን ከዋጋው ጎን ጻፉ፤ ስትቀይሩም የድሮውን አርማችሁ ብቻ አትተዉት፣ አዲስ ቀን ያለው አዲስ ጽሑፍ ለጥፉና ቻናሉ አናት ላይ ስቀሉት።